ሴንሰርና ስማርት ማብሪያ ለመግጠም ለአከራይ የሚጻፍ የፈቃድ ደብዳቤ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የመጀመሪያው ደብዳቤዬ አንድ መስመር ነበር። «ቤቱን ስማርት ማድረግ ስለፈለግኩ ፈቃድዎን እጠይቃለሁ» ብዬ ላክሁ። መልሱ ከጥያቄው አጠረ፦ «አይሆንም።» መጀመሪያ ተናደድኩ። ቆይቼ ሳስበው ግን እኔም በእርሳቸው ቦታ ብሆን እንዲያ ነበር የምመልሰው። «ስማርት» ሲባሉ የታያቸው የሚበሳ ግድግዳ፣ የሚጎተት ሽቦና የሚሰቀል ካሜራ ነው። እኔ ያሰብኩት ደግሞ አብዛኛው በባትሪ የሚሠራ፣ የጣት ያህል ዕቃ ነበር። ሁለተኛው ደብዳቤ አንድ ገጽ ሞላ፤ እርሱ ተፈቀደ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተከራዮች ስለ ደብዳቤው ጠይቀውኛል። ደጋግመው የሚያነሷቸው እነዚህ ናቸው።

ለአንዲት ትንሽ ሴንሰር ሁሉ ደብዳቤ ያስፈልጋል?

መጀመሪያ የኪራይ ውሉን አንብቡ። አብዛኛው ውል «ያለ አከራዩ ፈቃድ በቤቱ ላይ ለውጥ ማድረግ አይቻልም» የሚል አንቀጽ አለው። ጥያቄው እንግዲህ ለውጥ የሚባለው ምንድን ነው የሚለው ይሆናል።

ወለል ላይ የምትቀመጥ የውሃ ፍሳሽ ሴንሰር ለውጥ አይደለችም። ሶኬት ላይ የሚሰካ ስማርት መሰኪያም እንደዚያው፤ ነቅላችሁ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። የማብሪያ ሳጥን ከፍቶ ሽቦ መንካት ግን ያለ ክርክር ለውጥ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው፣ በማጣበቂያ የሚለጠፈው ዕቃ፣ አንዱ አከራይ ምንም የማይለው፣ ሌላው የሚቆጣበት ነው።

እኔ ሁሉንም በአንድ ደብዳቤ ጠይቁ ባይ ነኝ፤ ፈቃድ የማያስፈልገውንም ጭምር ጻፉት። አከራዩ አንድ ቀን ቧንቧ ሊያዩ መጥተው ያልተነገራቸው ነጭ ሳጥን በር ላይ ተለጥፎ ቢያገኙ፣ ከዚያ በኋላ የምትጠይቁት ሁሉ በጥርጣሬ ነው የሚታየው።

ደብዳቤውን ከመጻፌ በፊት ምን ላጣራ?

አንድ ነገር፦ ማብሪያው ሳጥን ውስጥ ኒውትራል ሽቦ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት ሽቦ፣ መኖሩን። ይህን ሳያጣሩ የሚጻፍ ደብዳቤ ሊሠራ የማይችል ነገር ሊጠይቅ ይችላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተራ ማብሪያ ሥራው መቁረጥና መቀጠል ብቻ ነው። ስለዚህ በብዙ ቤቶች ወደ ማብሪያው የሚወርደው ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ሽቦ፣ ፌዙ፣ ብቻ ነው፤ ከማብሪያው ተመልሶ ወደ አምፖሉ ይሄዳል። ኒውትራሉ በማብሪያው በኩል አያልፍም፤ በኮርኒሱ በኩል በቀጥታ አምፖሉ ጋ ይደርሳል። ስማርት ማብሪያ ግን ውስጡ ሬዲዮ ያለበት ትንሽ ኮምፒዩተር ነው። መብራቱ ጠፍቶም ቢሆን ትእዛዝ እየጠበቀ ነቅቶ መቆየት አለበት። ለዚህ ደግሞ የማያቋርጥ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ኒውትራል ካለ ኤሌክትሪኩ በእርሱ በኩል ይመለስለታል። ከሌለስ?

ያለ ኒውትራል የሚሠሩ ማብሪያዎች አሉ። ሻጮች «ምንም ችግር የለውም» ይላሉ። የሚሠሩት ግን ራሳቸውን የሚያኖሩበትን ጥቂት ኤሌክትሪክ በአምፖሉ ውስጥ በማሳለፍ ነው። የድሮው ባለ ክር አምፖል ይህችን ታህል ኤሌክትሪክ ከቁም ነገር አይቆጥርም ነበር። ኤልኢዲ ግን በጥቂቱም ይነቃል። ውጤቱ ማታ ማብሪያውን አጥፍታችሁ ስትተኙ አምፖሉ እንደ ፍም ደብዘዝ ብሎ መታየቱ ወይም በየተወሰነ ሰከንድ ብልጭ ማለቱ ነው። አምፖሉ ጋ አብሮ የሚገጠም ትንሽ ካፓሲተር ብዙ ጊዜ ይህን ያስተካክላል። እርሱን ለመግጠም ግን ደግሞ ኮርኒስ ላይ ያለውን የሽቦ መገናኛ መክፈት ይመጣል። ደብዳቤው አንድ አንቀጽ ጨመረ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «ሳጥኑን ለማየት መክፈት አለብኝ፣ ለመክፈት ደግሞ ፈቃድ የለኝም» ይላል። እውነት ነው። ስለዚህ ከደብዳቤው በፊት በስልክ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ «ኤሌክትሪሺያን አምጥቼ የማብሪያዎቹን ሽፋን አንስቶ እንዲያይልኝ ይፈቅዳሉ? ምንም አይነካም፣ መልሶ ይዘጋል።» ይህን እምቢ የሚል አከራይ እስካሁን አልገጠመኝም። ባለሙያው ብሬከሩን አጥፍቶ ከፍቶ ያያል፤ ሽቦውን በመለኪያ ያረጋግጣል። የሽቦ ቀለም አይታመንም። ከናንተ በፊት የሠራው ሰው እጁ ላይ በነበረው ቀለም ሠርቶ ሊሆን ይችላል።

አጣርተህ ምን አገኘህ?

አራት ማብሪያ ነበር ለመቀየር ያሰብኩት፦ የሳሎን፣ የወጥ ቤት፣ የመኝታ ቤትና የኮሪደር። ሳሎንና ወጥ ቤት ኒውትራል ተገኘባቸው። መኝታ ቤቱ የለውም። ኮሪደሩ ደግሞ አንዱን መብራት ከሁለት ጫፍ የሚያበራና የሚያጠፋ ጥንድ ማብሪያ ነው። እንዲህ ያለው በሁለቱ ማብሪያዎች መካከል የሚመላለሱ ተጨማሪ ሽቦዎች አሉት። አንዱን ብቻ በስማርት የተካ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ከአንደኛው ጫፍ የማይታዘዝ መብራት ነው።

ስለዚህ ኮሪደሩን እንዳለ ተውኩት። ለመኝታ ቤቱ ስማርት አምፖልና ግድግዳ ላይ የምትለጠፍ ገመድ አልባ ቁልፍ መረጥኩ። አራት የነበረው የሽቦ ሥራ ሁለት ሆነ። አከራዩ ደብዳቤውን ሲያነቡ የሚያስፈራቸው ነገር በግማሽ ቀንሶ ጠበቃቸው።

ስለ ስማርት አምፖሉ አንድ ነገር ልጨምር። እንግዳ መጥቶ በልማድ የግድግዳውን ማብሪያ ካጠፋ አምፖሉ ኤሌክትሪክ ያጣል፤ ስልካችሁም አያገኘውም። ገመድ አልባ ቁልፏን ከማብሪያው አጠገብ የለጠፍኳት ለዚህ ነው። እጅ መጀመሪያ እርሷን እንዲያገኝ።

ማብሪያውን በሙሉ ልቀይር ወይስ ከኋላው ሞጁል ላስገባ?

ለተከራይ ሞጁሉ ይሻላል። ሞጁል ማለት ከክብሪት ቀፎ ብዙም የማይበልጥ ዕቃ ነው፤ ነባሩ ማብሪያ ጀርባ፣ ሳጥኑ ውስጥ ይገባል። ከውጭ የሚታየው የአከራዩ ማብሪያ ነው። እንደ ድሮው በጣት ይሠራል፣ በስልክም ይታዘዛል። ደብዳቤ ላይ «ያሉት ማብሪያዎች አይቀየሩም» ብላችሁ መጻፍ መቻላችሁ ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ ቦታ ነው። ሳጥኑ ጥልቀት ከሌለው ወይም በሽቦ ከተሞላ ሞጁሉ ተጨናንቆ ይገባል፤ ማብሪያውም ከግድግዳው ጋር አልገጥም ይላል። ባለሙያው ሊያይ ሲመጣ ጥልቀቱንም እንዲለካላችሁ ንገሩት። ተጨንቆ የገባ ሞጁል ይሞቃል፣ የሽቦ ማሰሪያውም ሊላላ ይችላል። በግፊት ካልሆነ አልዘጋ የሚል ሳጥን ካጋጠማችሁ እዚያ ቦታ ላይ ተዉት።

የሞጁሉን አቅምም ተመልከቱ። ጀርባው ላይ 10 አምፔር ተብሎ ቢጻፍም ይህ ብዙውን ጊዜ ለምድጃና ለመሰል ጭነት የተሰጠ ቁጥር ነው። ኤልኢዲዎች በሚበሩባት ቅጽበት ከወትሮው በብዙ እጥፍ ይስባሉ። ስለዚህ ለኤልኢዲ የተፈቀደው ዋት መመሪያው ላይ ለብቻው ይጻፋል፤ አነስ ያለም ነው። የእኔ ሳሎን እያንዳንዳቸው 9 ዋት የሆኑ 6 አምፖሎች አሉት፤ ድምሩ 54 ዋት ነው፤ ያለ ሐሳብ ያልፋል። ከአቅሙ በላይ የተጫነ ሞጁል የሚታወቀው «ጥፋ» ብላችሁ ስታዙት «ጠፍቻለሁ» እያለ መብራቱ ሲበራ ነው። ውስጡ ያለው መገናኛ ተበይዷል።

ደብዳቤው ራሱ ምን ይመስላል?

ዕቃዎቹን በዓይነታቸው አትደርድሯቸው፤ ቤቱን በሚነኩበት መጠን ከፋፍሏቸው። አከራዩ የሚያነቡት «ይህ ቤቴን ምን ያደርገዋል?» እያሉ ነው። የእኔ ሁለተኛው ደብዳቤ፣ ስምና ቀን ወጥቶለት፣ ይኸውና፦

> ለተከበሩ የቤቱ ባለቤት
>
> ጉዳዩ፦ ሴንሰሮችና ሁለት የማብሪያ ሞጁሎች ለመግጠም ፈቃድ ስለመጠየቅ
>
> እንደምን ሰነበቱ? በተከራየሁት ቤትዎ ውስጥ ቀጥሎ የዘረዘርኳቸውን ዕቃዎች በራሴ ወጪ ለመግጠም ፈቃድዎን በአክብሮት እጠይቃለሁ።
>
> አንደኛ፣ ግድግዳም ሽቦም የማይነኩ። ሁለት የውሃ ፍሳሽ ሴንሰሮች ወለል ላይ ይቀመጣሉ፤ አንዱ በወጥ ቤቱ ዕቃ ማጠቢያ ስር፣ አንዱ በመታጠቢያ ክፍሉ። አንድ የሙቀትና የእርጥበት መለኪያ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ሦስቱም በባትሪ ይሠራሉ። በመኝታ ቤቱ አምፖል ፋንታ ስማርት አምፖል አስገባለሁ፤ የእርስዎን አምፖል አስቀምጣለሁ።
>
> ሁለተኛ፣ በማጣበቂያ የሚለጠፉ። የበር ሴንሰር በዋናው በር ውስጠኛ ጎን፣ የእንቅስቃሴ ሴንሰር በኮሪደሩ፣ ገመድ አልባ ቁልፍ በመኝታ ቤቱ ማብሪያ አጠገብ። ግድግዳ አይበሳም፣ ብሎን አይገባም። ሲነሱ ቀለም ቢላጥ ቦታውን በተመሳሳይ ቀለም አስቀባለሁ።
>
> ሦስተኛ፣ የኤሌክትሪክ መስመር የሚነኩ። በሳሎኑና በወጥ ቤቱ ማብሪያ ጀርባ አንዳንድ ሞጁል ይገባል። ያሉት ማብሪያዎች አይቀየሩም፤ እንደ ወትሮው በእጅ ይሠራሉ። አዲስ ሽቦ አይጎተትም። ሥራውን የሚሠራው የሙያ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ነው። እርስዎ የሚያምኑት ባለሙያ ካለ በእርሱ ባሠራ ደስ ይለኛል፤ ክፍያው የእኔ ነው።
>
> ከዕቃዎቹ ውስጥ ካሜራም ሆነ ድምፅ የሚቀዳ የለም። ከቤቱ በር ውጭ የሚገጠምም የለም።
>
> ዕቃዎቹ በሙሉ የእኔ ንብረት ሆነው ይቆያሉ። ቤቱን ስለቅ በራሴ ወጪ አስነስቼ ሁሉንም እንደነበረ እመልሳለሁ። እንዲቀሩ ከፈለጉ ያኔ እንነጋገራለን። በእነዚህ ዕቃዎች ምክንያት ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊነቱን እወስዳለሁ።
>
> የማብሪያዎቹን የአሁን ሁኔታ የሚያሳዩ ፎቶዎችና የሞጁሉን መግለጫ አያይዣለሁ። መልስዎን በጽሑፍ እስከ … ቀን ድረስ ቢያሳውቁኝ አመሰግናለሁ። መልስዎ ሳይደርሰኝ ምንም አልገጥምም።
>
> ከአክብሮት ጋር

አከራያችሁ አንቱ የማይባሉ፣ ጓደኛ የሆኑ ሰው ከሆኑ አነጋገሩን አቅልሉት። ሦስቱን ክፍሎች ግን አትንኩ።

«የእኔ ንብረት ሆነው ይቆያሉ» የሚለው ለምን ተጻፈ? ግልጽ አይደለም?

አይደለም። ከቤት ጋር ተያይዞ የተገጠመ ዕቃ የቤቱ አካል ሆኗል የሚል ክርክር በብዙ አገር ሕግ ቦታ አለው። ማብሪያ ደግሞ ከቤቱ ጋር ተያይዟል ከሚባሉት ዋናው ነው። ሳትጽፉት ገጥማችሁ፣ ስትወጡ ነቅላችሁ ብትሄዱ «ማብሪያዬን ወሰደ» ሊባል ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ ትታችሁ ብትሄዱ «አስነስተህ ካልሄድክ ከማስያዣው ይቆረጣል» ሊመጣ ይችላል። አንድ መስመር ሁለቱንም ይዘጋል።

ማጣበቂያው ቀለሙን ቢልጠውስ?

ይልጣል። ደብዳቤዬ ላይ «ቢላጥ» ያልኩት ለትሕትና ነው። ሴንሰሮቹ ጀርባቸው ላይ ይዘው የሚመጡት ስፖንጅ መሰል ባለ ሁለት ፊት ማጣበቂያ ኃይለኛ ነው። በቀድሞው ቤቴ የእንቅስቃሴ ሴንሰር ጎትቼ ሳነሳ የአውራ ጣት ያህል ቀለም እስከ ልስኑ ድረስ ይዞልኝ ወጣ።

አሁን የማደርገው ይህ ነው። ከሴንሰሩ ጋር የመጣውን ማጣበቂያ አልጠቀምም። ጫፉ ላይ ምላስ ያለውን፣ ሲጎተት እየተለጠጠ የሚለቀውን ዓይነት እቆርጥለታለሁ። ሲነሳ ምላሱን ወደ እናንተ ሳይሆን ከግድግዳው ጋር ትይዩ አድርጋችሁ ወደ ታች ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ወደ ራሳችሁ ከሳባችሁት ያው መላጥ ነው። ጠንካራው ማጣበቂያ አስቀድሞ ተለጥፎ ከሆነ በፀጉር ማድረቂያ አሙቁትና ከኋላው የጥርስ ክር እያንቀሳቀሳችሁ ቁረጡት። አዲስ የተቀባ ግድግዳ ላይ ግን ምንም አትለጥፉ፤ ቀለሙ ገና አልጠነከረም።

የሚቻል ከሆነ ግድግዳውን ትታችሁ በበሩ እንጨት ወይም ብረት ላይ ለጥፉ። የበር ሴንሰር ቦታው እዚያው ነው። ማግኔቱና ሴንሰሩ በሩ ሲዘጋ ተቀራርበው፣ አብዛኛውን ጊዜ በ1 እና በ2 ሴንቲ ሜትር መካከል ወይም ከዚያ ባነሰ ርቀት፣ መገናኘት አለባቸው። በሩ ብረት ከሆነ ርቀቱ ከዚያም ሊያጥር ስለሚችል ከመለጠፋችሁ በፊት በእጃችሁ ይዛችሁ ሞክሩት።

አከራዩ «መሰለያ ነው» ብለው ቢጠረጥሩስ?

ፍርሃቱን አትናቁት። ስለ እያንዳንዱ ዕቃ ምን እንደሚያውቅ ንገሯቸው። የበር ሴንሰር በሩ መከፈቱንና መዘጋቱን ያውቃል፤ ማን እንደከፈተው አያውቅም። የተለመደው የእንቅስቃሴ ሴንሰር የሚያየው የሚንቀሳቀስ ሙቀት ነው፤ ምስል የለውም። የውሃ ሴንሰሩማ ሁለት የብረት ነጥቦች ናቸው፤ ውሃ ሲያገናኛቸው ይጮኻል። እንዲያውም ከዝርዝሩ ሁሉ አከራይ የሚወደው እርሱን ነው። ወለል ላይ የሚፈስን ውሃ ቶሎ ማወቅ የታችኛውን ቤት ኮርኒስ ያድናል።

የበር ላይ ካሜራ ግን በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አታስገቡ። የጋራ መተላለፊያ ስለሚያይ የጎረቤትም ጉዳይ ይሆናል። ከዚህ ጋር ሲደባለቅ ሌላውንም ይዞት ይወድቃል።

አከራዩ «እኔም በስልኬ ልየው» ካሉስ? አይሆንም በሉ፤ በትሕትና። ቤት ውስጥ መቼ እንዳላችሁና መቼ እንደሌላችሁ የሚናገር መረጃ የነዋሪው ነው። ውሃ ሲፈስ ወዲያው እደውላለሁ ማለት ግን ትችላላችሁ።

የጭስ ማንቂያውንም በስማርት ልተካው?

አይ። ቤቱ ውስጥ አከራዩ ያስገጠሙት ካለ አትንኩት። የራሳችሁን ከፈለጋችሁ ተጨማሪ አድርጉ።

በከፊል ቢፈቅዱ ወይም ዝም ቢሉስ?

ዝምታ ፈቃድ አይደለም። የጻፋችሁት ቀን ካለፈ በስልክ አስታውሱ፤ በቃል «እሺ» ካሉ «ዛሬ በስልክ እንደተስማማነው» ብላችሁ በመልእክት ጻፉላቸውና መልሳቸውን አስቀምጡ።

በከፊል መፍቀድ የተለመደ ነው፤ ደብዳቤውም የተከፈለው ለዚህ ነው። አከራዩ ሦስተኛውን ክፍል ብቻ ሊሰርዙ ይችላሉ። ያኔ የሳሎኑንና የወጥ ቤቱንም መብራት እንደ መኝታ ቤቱ በስማርት አምፖልና በገመድ አልባ ቁልፍ ማድረግ ይቻላል። ለብዙ አምፖል ወጪው ይበዛል እንጂ ሽቦ አይነካም። ሴንሰሮቹ ደግሞ ያለ ሞጁሉም ይሠራሉ።

ስለቅ ምን ላድርግ?

ከመገጠሙ በፊት ባለሙያው ሽፋኑን ሲያነሳ ሽቦዎቹን ፎቶ አንሱ፤ የትኛው የት እንደገባ በግልጽ እንዲታይ። ስትለቁ ሞጁሉን የሚያነሳው ሰው ምናልባት ሌላ ባለሙያ ነው፤ ያ ፎቶ ግምት ያስቀርለታል። የአከራዩን አምፖል የትኛው ክፍል እንደሆነ ጽፋችሁ በፌስታል አስቀምጡ። እኔ አንድ ጊዜ ጥዬው ሌላ ገዛሁ፤ የብርሃኑ ቀለም አልገጠመም።

አከራዩ «ሞጁሎቹ ይቅሩ» ካሉ ከስልካችሁ መተግበሪያ ውስጥ አስወግዷቸውና ወደ ፋብሪካ ሁኔታቸው መልሷቸው። ከመለያችሁ ያልወጣ ሞጁል ለአዲሱ ተከራይ አይታዘዝም። ከዚያ የከፋው ደግሞ እናንተ ሌላ ቤት ሆናችሁ የእርሱን የሳሎን መብራት ማጥፋት መቻላችሁ ነው። ቁልፉን ስታስረክቡ ሁለቱን ማብሪያዎች አከራዩ ፊት በእጅ አብሩና አጥፉ፤ ከዚያ የርክክቡ ወረቀት ላይ «ማብሪያዎቹ ይሠራሉ» ብላችሁ አስፈርሙ።